የራውተር አስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ሲጠፋ፦ ፈልጎ መግባት ወይስ ሪሴት ማድረግ?

የጠፋው የዋይፋዩ ሳይሆን የማስተካከያ ገጹ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ይለፍ ቃል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱ ይለያያሉ።

ፈልጎ መግባት፦ ምንም አይጠፋም። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ይሞክሩ፤ ካልሆነ ቀድሞ በገቡበት ኮምፒውተር ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ይለፍ ቃላት ይመልከቱ። ደጋግመው ከተሳሳቱ ገጹ ለጊዜው ሊቆለፍ ይችላል።

ሪሴት፦ ራውተሩን ከፋብሪካ ወደወጣበት ቅንብር ስለሚመልሰው ያስገባል፤ ግን የዋይፋዩን ስምና ይለፍ ቃል፣ የከፈቷቸውንም ፖርቶች ይደመስሳል። ከሁሉ የሚጎዳው ራውተሩ ከአቅራቢው መስመር ጋር የሚገናኝበት የPPPoE መጠቀሚያ ስምና ይለፍ ቃል መጥፋቱ ነው። መስመሩ በእሱ የሚሠራ ከሆነ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን አይመጣም። ስለዚህ ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት ሁለቱንም ከአገልግሎት አቅራቢው ጠይቀው ይጻፉ። ከዚያ ራውተሩ እንደበራ በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን የሪሴት ቁልፍ በቀጭን ሽቦ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ መብራቶቹ ጠፍተው ሲበሩ ይልቀቁ። በኬብል ተገናኝተው በተለጠፈው ይለፍ ቃል ይግቡና መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፤ ከዚያ የጻፉትን የPPPoE መረጃ ያስገቡ።

ራውተሩ የአቅራቢው ንብረት ከሆነ ወይም የPPPoE መረጃው በእጅዎ ከሌለ ፈልጎ መግባቱ ይሻላል። ያገለገለ ራውተር ከገዙ ወይም ሌላ ሰው ይለፍ ቃሉን እንደቀየረው ከጠረጠሩ ግን ሪሴት ያድርጉ።