ደብረ ማርቆስ ላይ «ሮሚንግ እናስገባለን» የሚሏችሁን ሞባይል ቤቶች ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የሀገር ቤት ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ውጭ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ ሁሉ አንብቡት።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስክሪን ይቀይራሉ፣ ካርድ ይሸጣሉ፣ ኢሞ ያስገባሉ፤ ከጠየቃችኋቸው የማይችሉት ነገር የለም። ወደ ጀርመን ልበር አራት ቀን ሲቀረኝ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት አንዱ ጋ ገባሁ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ባንኬ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ እዚያም ሆኜ በድሮው ቁጥሬ እንዲገባልኝ። «ሮሚንግ ነዋ! 2,000 ብር፣ አሁኑኑ አስገባልሃለሁ» አለኝ።

ያቺ ደቂቃ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ስልኬን ተቀበለኝ። ሴቲንግ ከፈተና ሲም የሚለው ውስጥ ገባ። Data roaming የሚለውን በአውራ ጣቱ ነካው፤ በራ። ስክሪኑን ወደ ፊቴ አዞረና «ይኸው፣ ገብቷል። የትም ሀገር ይሠራል» አለኝ። አስር ሰከንድ አልፈጀበትም። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። አመስግኜው ነው የወጣሁት።

ያ ቁልፍ ከኮድ ጋር ምንም አያገናኘውም። ውጭ ሀገር ስትሆኑ ስልኩ በዚያ ሲም ኢንተርኔት ይጠቀም አይጠቀም የሚለውን ብቻ ነው የሚወስነው። ሮሚንግ የሚከፈተው በቁጥራችሁ ላይ፣ በቴሌኮሙ ሲስተም ውስጥ ነው። ሲሙ ጀርመን ሲገባ የዚያ ሀገር ኔትወርክ ይህ ቁጥር ውጭ እንዲሠራ ተፈቅዶለት እንደሆነ የሀገር ቤቱን ይጠይቃል። ካልተፈቀደለት አይቀበለውም። ስልኩ የትም ስላልተመዘገበ ባንኩ የላከው መልእክት መድረሻ የለውም፤ እዚያው ሀገር ቤት ይቀራል። ዋይፋይ አለኝ ብላችሁም አትጽናኑ። እንዲህ ያለው ኮድ የሚመጣው በስልክ ኔትወርክ እንጂ እንደ ቴሌግራም በኢንተርኔት አይደለም።

እዚህ እንደደረስኩ አዲስ ስልክ ገዛሁና የባንኩን አፕ ጫንኩ። አዲስ ስልክ ስለሆነ ኮድ ጠየቀኝ። አባቴ ደንበጫ የማዳበሪያ ብር እየጠበቀ ነው፤ ብሩ ደግሞ አካውንቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። «ኮድ ተልኳል» ይለኛል፣ የሚገባ ነገር የለም። ድጋሚ ላክ አልኩት። አሁንም የለም። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ከዚያ አፑ ዘጋብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ከሲሜ አጠገብ Emergency calls only ይለኝ ነበር። ሲሙ ኔትወርክ አልተቀበለውም ማለት ነው። በየቀኑ እያየሁት አልገባኝም። ዛሬ ነው አንድ ቴሌኮም የሠራ የሀገሬ ልጅ አይቶ የነገረኝ።

ወዲያው እህቴን ሱቁ ላክኋት። ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ሮሚንጉን እኮ አላስገባህልኝም» አልኩት።

«በርቶ አሳየሁህ አይደል? ደረሰኝ አለህ?»

ደረሰኝ የለኝም። አልጠየቅኩትም። ከጎኑ ያለው ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል። «ዩሮ እየበላህ ለ2,000 ብር ትጮሃለህ?» አለኝ። እህቴን ደግሞ «ገበያ አትዝጊብን፣ ዞር በይ» አላት። እኔን ይበለኝ፤ እሷ ምን አደረገችው?

የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። የቴሌኮሙ ቅርንጫፍ ከዚያ ሱቅ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ወረፋ ሰልችቶኝ አልሄድኩም። የቁጥሬን ነገር፣ የባንኬን ነገር፣ ስሙን እንኳን ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ። አባቴ አሁን ከጎረቤት ተበድሮ ነው ማዳበሪያ የገዛው፤ በእርጅናው ሰው ደጅ አስጠናሁት።

የምትወጡ ሰዎች፣ ሮሚንግ በራሳችሁ ስም በተመዘገበ ሲም፣ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ አስከፍቱ። የምትሄዱበት ሀገር ይካተት እንደሆነም ጠይቁ። የባንክ አፑን ይዛችሁት በምትሄዱት ስልክ ላይ ሀገር ቤት እያላችሁ ጨርሱት። ስትደርሱ አንድ ሰው ይደውልላችሁ፤ «ማግኘት አይቻልም» ካለው ኮድም አይደርሳችሁም። ሲሙን ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ለምታምኑት ሰው ውክልናም ትታችሁ ውጡ።

እኔ አልተውኩም። እህቴ ከሱቁ ወጥታ ቅርንጫፉ ብትሄድ የቁጥሩ ባለቤት ወይም ውክልና ያለው ሰው ካልመጣ አንነካውም አሏት። ልክ ናቸው። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ውክልና ልሰጥ በርሊን ኤምባሲ እሄዳለሁ። የባቡሩ ቲኬት ብቻ ለዚያ ልጅ ከሰጠሁት ብር ይበልጣል።