በቡድን ዋስትና ወይስ በደመወዝተኛ ዋስ? የትኛው ብድር ያዋጣል?

የቤት ካርታም ሊብሬም የሌለው ሰው ለሥራ ሃያ ሺህ ብር ሲያስፈልገው ማይክሮ ፋይናንስ ዘንድ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ ከአራት ሰዎች ጋር ተቧድኖ እርስ በርስ ዋስ መሆን ነው። ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ደመወዝተኛ ዋስ ለምኖ በግል መበደር ነው። «የቱ ይሻላል?» ለሚሉ ሁሉ መልሱን ከፊት እናድርገው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ቡድን ይሻላል፣ አባላቱን ራሳችሁ ከመረጣችሁ። ሌላ ሰው ያሰባሰበው ቡድን ከሆነ ግን ባትበደሩ ይሻላል።

መጀመሪያ ብሩን እንቁጠር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። «የእኛ ወለድ 15 ከመቶ፣ የእነሱ 18» ሲባል ወደ 15ቱ መሮጥ የለም። ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። 20,000 ብር ለ12 ወር ወስዳችሁ 15 ከመቶው እስከ መጨረሻው በተበደራችሁት ሙሉ ብር ላይ ከታሰበ፣ ወለዱ 3,000 ብር፣ የወሩ ክፍያ 1,917 ብር ገደማ ይሆናል። 18 ከመቶው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን ወርሃዊ ክፍያው 1,834 ብር ገደማ፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ 2,000 ብር አካባቢ ነው። ስለዚህ «18» የተባለው ከ«15»ቱ በአንድ ሺህ ብር ገደማ ይረክሳል። በላዩ ላይ የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባ አለ። ከ20,000ው ላይ 2,000 ለቁጠባ፣ 400 ለአገልግሎት ከተቀነሰ እጃችሁ የሚገባው 17,600 ነው፤ ወለዱ ግን የሚቆጠረው በ20,000 ነው። በቡድንም ሆነ በግል፣ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት በወር የሚከፈለውን በብር አጽፉ፤ በመቶኛ አትደራደሩ።

አሁን ወደ ዋሱ። ደመወዝተኛ ዋስ በወረቀት ላይ ነጻ ነው፤ በተግባር ግን ዋጋ አለው። ዘመድ ካልሆነ «ለፊርማዬ» የሚል አይጠፋም። 2,000 ብር ከጠየቃችሁ፣ ከላይ ባየነው ስሌት የዓመቱን ወለድ ያህል ሌላ ወለድ ከፈላችሁ ማለት ነው። በየዙሩም እንደገና መለመን አለ። ዋሱ ሥራ ከቀየረ፣ ወይም ራሱ ብድር ሊወስድ ደብዳቤው ተይዞበት ካገኘው፣ ቀጣዩ ዙር እዚያው ይቆማል። ቡድን ዋስ የሚያስገኘው ለማኝ ሳያደርግ ነው፤ አብቁተ (የዛሬው ጸደይ ባንክ)ም ሆነ ደደቢት ካርታ ለሌለው ገበሬና ነጋዴ ሲያበድሩ የኖሩት በዚህ ነው።

ግን ድሆች እርስ በርስ ዋስ ሲሆኑ ምን ይያዛል? አምስቱም ንብረት የላቸውም። ተቋሙ የሚገዛው መረጃ ነው። የብድር ባለሙያው ማን ቁማር እንደሚጫወት፣ ማን የዕቁብ ብር በልቶ እንደጠፋ አያውቅም፤ ጎረቤት ግን ያውቃል። የእሷ አለመክፈል የእኔን ኪስ የሚነካ ከሆነ፣ የማላምናትን ሴት ከመጀመሪያው አላስገባትም። ከዚያም ብሩ ዶሮ እንደተገዛበት ወይም ለሠርግ እንደዋለ አያለሁ። ሁሉም ካልመለሱ ማንም ቀጣዩን ብድር አያገኝም የሚለው ደግሞ ማሰሪያው ነው።

የአሠራሩ አርአያ የሆነው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ በአምስት በአምስት ሰው ቡድን ተነስቶ፣ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሠራሩን ሲያሻሽል ስብሰባውን ይዞ የጋራ ዕዳውን ተወው። በፊሊፒንስ አንድ ባንክም የተቋቋሙ ቡድኖችን ስብሰባቸውን ሳይነካ ከጋራ ኃላፊነት ነጻ ሲያወጣ የማይከፍሉት አልበዙም። ሰዎቹ ቀድሞውኑ በጋራ ኃላፊነት ሥር ተመራርጠው ስለነበር ይህ አያስገርምም፤ ለእናንተ የሚበጀው ነጥብ ምርጫው ከፊርማው እንደሚቀድም ነው።

የቡድን እውነተኛ ዋጋ የሚታየው አንድ ሰው ሲያጓድል ነው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20,000 ወስደው በወር 1,917 ይከፍላሉ እንበል። አንዱ ሦስት ወር ከፍሎ ጠፋ። የቀረበት ዘጠኝ ክፍያ፣ 17,250 ብር ነው። አራቱ ሲካፈሉት እያንዳንዳቸው 4,313 ብር ገደማ፣ በዘጠኝ ወር ሲበተን በወር 479 ብር ይደርሳቸዋል። ይህ ያማል፣ ግን ይቻላል። ሁለት ከጠፉ ለሦስቱ የሚደርሰው 11,500 ብር ነው፤ የወሩ ክፍያ ከ1,917 ወደ 3,195 ይዘላል። ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መክፈል የሚችለውም ሰው «ለቀጣዩ ብድር ብዬ 11,500 የሰው ዕዳ ልክፈል?» ብሎ ያሰላና የራሱንም ያቆማል። በውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ተቋሙ ከፈለገ ሙሉውን ከአንዳችሁ ሊጠይቅ ይችላል፤ እኩል መካፈሉ በእናንተ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ስለዚህ ለሌላው የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ኋላ ድርሻችሁን ለመጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ ሥራው ይለያይ። አምስቱም ቲማቲም ቸርቻሪ ከሆኑ ዋጋ የወደቀ ሳምንት አምስቱም አብረው ይወድቃሉ፤ አንዱ የሌላው ዋስ መሆኑ ያኔ ትርጉም የለውም። እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ አትክልት ሻጭ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ፣ ጫማ ጠጋኝ ቢሆኑ ይሻላል። ባልና ሚስት ወይም ከአንድ ሌማት የሚበሉ ሰዎች በአንድ ቡድን አይግቡ፤ አንድ ሕመም ሁለቱን ያቆማል። የብድሩ መጠንም ይቀራረብ፤ 10,000 የወሰደች የ50,000 ተበዳሪ ዋስ ስትሆን ኪሳራው የእሷ ነው።

ፎርጅድ ቡድን የሚባለውን ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። አንድ «አስተባባሪ» መታወቂያችሁን ሰብስቦ «አንቺ ፈርሚ፣ ብሩን እኔ እሠራበታለሁ፣ 1,000 ብር አለሽ» ይላል። በወረቀት አምስት ተበዳሪ፣ በእውነት አንድ። ሲከስር አምስቱም ባለዕዳ ናቸው፣ ብሩን ያየ ግን እሱ ብቻ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አባላቱ የእርስ በርስ ቤት አያውቁም፣ የሁሉንም የቁጠባ ደብተር አንድ ሰው ይይዛል፣ ክፍያውንም ሁሌ እሱ ብቻ ያደርሳል። ከመፈረማችሁ በፊት የአራቱንም ሥራ ቦታ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ደብተራችሁን ለማንም አትስጡ።

ከቡድን የሚወጣበት ጊዜም አለ። ብድራችሁ ከሌሎቹ እጥፍ ሲሆን፣ ወይም ሥራው ሞቆ የስብሰባው ግማሽ ቀን ከሽያጭ የሚያጎድልባችሁ ከሆነ፣ በግል መበደር ያኔ ያዋጣል፤ የመክፈል ታሪካችሁም በተቋሙ መዝገብ ላይ ስላለ ለድርድር ይረዳል። ታዲያ ከመውጣታችሁ በፊት የግዴታ ቁጠባው ጉዳይ ይጣራ። የራሳችሁን ዕዳ ጨርሳችሁም የአንድ አባል ውዝፍ ካለ ቁጠባችሁ ሊታገድ ወይም ለእሱ ዕዳ ሊወሰድ የሚችልበት ውል አለ። ይህን መጠየቅ ያለባችሁ ግን በመውጫው ቀን ሳይሆን ገና ስትገቡ ነው፦ ቁጠባዬን መቼ ማውጣት እችላለሁ? ሌላው ካልከፈለ ይነካል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ በውሉ ላይ የትኛው አንቀጽ እንደሚለው ያሳዩአችሁ።