ጥርሱ የሞላ አሮጌ ጎማ ወይስ ጥርሱ የሳሳ አዲስ ምርት?

መንገድ ዳር ከተደረደሩት ያገለገሉ ጎማዎች መካከል ገዢን ይበልጥ የሚያምታቱት ሁለት ናቸው፦ ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ዕድሜው የገፋ፣ እንዲሁም ጥርሱ የሳሳ ነገር ግን በቅርብ የተመረተ።

ዕድሜ፦ በጎማው ጎን «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ምልክት በኋላ የሚታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። ጥርሱ በሞላው ላይ 0914፣ በሳሳው ላይ 3522 ተጽፏል እንበል። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ «14»ን እንደ እኛ 2014 የሚያነብ ሰው በየካቲት 2006 የተመረተ ጎማ ይገዛል፤ በእኛ 2014 የተመረተው ሁለተኛው ነው። አኃዞቹ በአንድ ጎን ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ ጎማውን አገላብጠው ይዩ።

አደጋ፦ የአሮጌው ላስቲክ ስለሚደርቅ፣ በሙቀትና በፍጥነት ሲነዳ ገጹ ከውስጥ ሽቦው ሊላቀቅ ይችላል። ጎኑን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩ ይተውት። የሳሳው አደጋ በዝናብ ጊዜ መንሸራተት ሲሆን፣ ጥርሱ በቦዮቹ ውስጥ ካለው የ1.6 ሚሊሜትር ምልክት ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። የቦዩ ወለል ከምልክቱ ሥር እጅግ ዘልቆ የቢላ ፋና ካለበት ደግሞ ጥርሱ በእጅ እንደገና የተቀረጸ ነው፤ እንዲህ ያለውን በየትኛውም ዋጋ አይውሰዱት።

ዋጋ፦ ሻጩ የሚያስከፍለው በጥርሱ ነውና አሮጌው ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ከከተማ ወጥቶ በፍጥነት ለሚጓዝ፣ 4 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ የቀረው 3522 ይሻላል። ስንጥቅ የሌለበት 0914 ግን በከተማ ውስጥ እስከ ጎሚስታ ብቻ በዝግታ ለሚያደርስ መጠባበቂያ ይሆናል።