ባለአራት አንቴና ራውተር ከሰባት ወር በኋላ፦ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ቡፌ ውስጥ፣ ወለል ላይ

ይህ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ባለሁለት ባንድ ራውተር ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰባት ወር ሠርቷል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ተነስቶ መስመሩን ይይዛል፤ በዚህ እንከን የለውም። የዋይፋይ ሽፋኑን በተመለከተ ግን ከመፍረድ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የተቀመጠው ፋይበሩ በሚገባበት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር። በ5 ጊጋኸርዝ መኝታ ቤት አልጋው ራስጌ ላይ በስልክ ሲለካ -78 ዲቢኤም ገደማ ያሳይ ነበር። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፤ ሳይቆራረጥ በቪዲዮ ለማውራት -67 አካባቢ ያስፈልጋል። ራውተሩ 60 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ወጥቶ 1.7 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል እዚያው አልጋ ላይ -66 ሆነ። የ12 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ስልኩ ጋ የሚደርሰው ኃይል 16 እጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ምክንያቱ ከስክሪኑ ኋላ ያለው ሰፊ ብረት ነው። ሞገዱን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። ከዚያም በላይ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 6 ሳንቲሜትር፣ የ2.4ቱ ደግሞ 12.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት ውስጥ ብረት ሲጠጋው አንቴናው ራሱ ከተሠራበት ፍሪኩዌንሲ ይዛነፋል፣ ኃይሉን በደንብ መልቀቅ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ትንሽ ማራቅ ብዙ የሚለውጠው።

ቡፌ ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ብቻውን የሚወስደው ጥቂት ነው። የሚጎዳው ትሪው፣ ድስቱና የኋላ መስታወቱ ነው፤ መስታወት ከጀርባው የብረት ቅብ አለው። በሩን ከፍታችሁ ስትለኩ ቁጥሩ ብዙም ካልተሻሻለ ችግሩ ከበሩ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ዕቃ ነው። ሙቀቱም መውጫ ያጣል።

ወለል ላይ ነገሩ ይለያል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን በብዛት የሚበትነው ወደ ጎን ነው። መሬት ላይ ከሆነ ወደ ጎን የሄደው ከሶፋ፣ ከፍሪጅና ከአልጋ ጋር ይጋጫል፤ ወደ ታች የሄደው ፌሮ ባለው ኮንክሪት ውስጥ ይቀራል።

ስትለኩ ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ የዋይፋይ ስም ስጡ፤ አለበለዚያ ስልኩ ሳታውቁት ወደ 2.4 ይዞራል። አንድ ስልክ ይዛችሁ አንድ ቦታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመልከቱ፤ ንባቡ ዝም ብላችሁ ቆማችሁም ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ይዋዥቃል።

ራውተሩን ለማዛወር ፋይበሩን አትጎትቱ፣ አትጠፉት፤ ውስጡ ብርጭቆ ስለሆነ ይሰበራል። የፋይበር ሳጥኑን እዚያው ትታችሁ ከእሱ ወደ ራውተሩ የኔትወርክ ኬብል ዘርጉ፤ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ይበቃል።

ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከፍ ማድረግ ብዙም አይረዳም። እዚያ ኬብል ወስዶ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት መትከል ነው።