18 በመቶ ወይስ 12 በመቶ? ሁለት የብድር ውሎች ጎን ለጎን

የአክስቴ ልጅ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ለመግዛት 240,000 ብር መበደር ፈልጋ ሁለት ወረቀቶች ይዛ መጣች። አንዱ ከባንክ የተሰጣት ነው፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 24 ወር፣ ወርሃዊ ክፍያው 11,981.78 ብር። ሌላው ከአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ነው፤ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ጊዜው ያው 24 ወር፣ ወርሃዊ ክፍያው 12,400 ብር። ልቧ ወደ ሁለተኛው አዘንብሎ ነበር፤ 12 ከ18 ያንሳልና። እኔን ግን ያስቆመኝ ወርሃዊ ክፍያው ነው። የብድሩ መጠንም ጊዜውም እኩል ሆኖ፣ ወለዱ ዝቅ ያለው ውል በየወሩ እንዴት የበለጠ ያስከፍላል?

የተበደሩት ገንዘብ፣ የወለድ ምጣኔው፣ ጊዜውና ወርሃዊ ክፍያው እርስ በርሳቸው የታሰሩ ቁጥሮች ናቸው። ሦስቱ ከታወቁ አራተኛው በስሌት ይወጣል። ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው አራተኛ ቁጥር ከስሌቱ ጋር ካልገጠመ፣ ወይ ወለዱ የሚታሰብበት መንገድ ሌላ ነው፣ ወይ ያልተነገረ ክፍያ አለ፣ ወይ ስሕተት ተፈጥሯል።

የባንኩን ውል አስቀድመን እንፈትን። በዓመት 18 በመቶ ማለት በወር 1.5 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር የ240,000 ብር ወለድ 3,600 ብር ይሆናል። ከምትከፍለው 11,981.78 ብር ላይ ይህ ሲነሳ 8,381.78 ብር ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል፤ ቀሪው 231,618.22 ብር ነው። የሁለተኛው ወር ወለድ የሚታሰበው በዚህ ቀሪ ላይ ስለሆነ ወደ 3,474.27 ብር ይወርዳል። እንዲህ እየተባለ እስከ 24ኛው ወር ሲደረስ ዕዳው ዜሮ ላይ ያርፋል። ባንኩ የሰጣት የክፍያ ሰንጠረዥም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ውሉ እርስ በርሱ ይገጥማል።

ሁለተኛውን በዚሁ መንገድ እንየው። በዓመት 12 በመቶ በወር 1 በመቶ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ወለድ 2,400 ብር። ከ12,400 ብር ላይ ሲነሳ 10,000 ብር ዕዳውን ይቀንሳል፤ ቀሪው 230,000 ብር። እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን የለም። የሁለተኛው ወር ወለድ እንግዲህ 2,300 ብር መሆን ነበረበት። የተቋሙ ሰንጠረዥ ግን በሁለተኛው ረድፍም 2,400 ይላል። በሦስተኛውም፣ በአሥረኛውም 2,400 ነው። ጣታችንን ወደ መጨረሻው ረድፍ ስናወርድ የቀረው ዕዳ 10,000 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ ወለዱ አሁንም 2,400 ነው። ለአንድ ወር 24 በመቶ ማለት ነው።

ተቋሙ ወለዱን የሚያስበው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። የብድር ሠራተኞች ይህን አሠራር «ፍላት» ይሉታል። ከ240,000 ብር 12 በመቶው ለሁለት ዓመት 57,600 ብር ይሆናል፤ ይህ ከዋናው ጋር ተደምሮ ለ24 ሲካፈል 12,400 ይመጣል። በሒሳቡ ውስጥ የመደመር ስሕተት የለም። ነገር ግን የከፈለችው ገንዘብ ላይ ሳይቀር ወለድ እየተቆጠረባት ስለሆነ ይህ 12 በመቶ ከባንኩ 18 በመቶ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይችልም። 12 በመቶው በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ ወርሃዊ ክፍያው 11,297.63 ብር ነበር። 12,400 ብር እየከፈለች ደግሞ ዕዳው በ22ኛው ወር ያልቅ ነበር፤ 23ኛውና 24ኛው ክፍያ ጭራሽ አይኖሩም።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ሁሉ ረድፍ መጻፍ አያስፈልገውም። በኤክሴል የመጀመሪያው መስመር ትክክለኛውን ወርሃዊ ክፍያ ያወጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከክፍያው ተነሥቶ እውነተኛውን ዓመታዊ ወለድ ያሳያል።

```
=PMT(18%/12, 24, -240000)
=RATE(24, -12400, 240000)*12
```

የመጀመሪያው 11,981.78 ይሰጣል። ሁለተኛው ወደ 21.6 በመቶ ገደማ። ሁለቱ ውሎች በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ እንግዲህ ይህን ይመስላሉ፦

| | ባንኩ | ተቋሙ |
|---|---|---|
| ውሉ ላይ የተጻፈ ወለድ | 18% | 12% |
| ወርሃዊ ክፍያ | 11,981.78 | 12,400 |
| ጠቅላላ ወለድ | 47,563 | 57,600 |
| በቀሪ ዕዳ ሲሰላ | 18% | 21.6% |

ልዩነት ሁሉ ግን ጥርጣሬ አያስነሣም። አንዳንድ ባንኮች ወለድን በወር ሳይሆን በቀን ይቆጥራሉ፤ 31 ቀን ባለው ወር የመጀመሪያው ወለድ 3,600 መሆኑ ቀርቶ 3,669 ብር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት አንዱን ወር ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረገ ይሄዳል። በየወሩ በአንድ አቅጣጫ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ብር የሚያፈነግጥ ክፍያ ካያችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

ባንኩንም ቢሆን በ18 በመቶው አላመንኩትም። ውሉ ውስጥ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ብድሩ ሲለቀቅ ተቀንሶ ስለሚቀር እጇ ላይ የሚደርሰው 235,200 ብር ነው። የምትከፍለው ግን ለ240,000ው ነው። በሁለተኛው መስመር ውስጥ 12400 የነበረውን 11981.78፣ 240000 የነበረውን 235200 አድርገን ስናሰላ ወለዱ 20.1 በመቶ ገደማ ወጣ። ተቋሙ የአገልግሎት ክፍያ የለውም። ስለዚህ እውነተኛው ፉክክር በ20.1 እና በ21.6 መካከል ነው፤ ባንኩ አሁንም ይሻላል፣ ልዩነቱ ግን መጀመሪያ ካየነው ጠቧል።

ምርጫውን ሊገለብጥ የሚችል አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሥራው ከቀናት ዕዳውን በዓመት ውስጥ ጠቅልላ መክፈል ታስባለች። በባንኩ ውል ከ12ኛው ክፍያ በኋላ የሚቀረው ዕዳ 130,691 ብር ገደማ ነው፤ እስከዚያ የከፈለችው ወለድ 34,473 ብር ይደርሳል። በተቋሙ ውል በዚያው ቀን ከዋናው የሚቀረው 120,000 ብር፣ የተከፈለው ወለድ ደግሞ 28,800 ብር ነው። ተቋሙ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቀሪውን ወለድ የሚተው ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ለመዝጋት ላሰበ ሰው ርካሹ እርሱ ነው። የማይተው ከሆነ ግን ሌላ 28,800 ብር ይጨመርበትና መዝጊያው 148,800 ብር ይሆናል።

ውሉ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር ስላላገኘን ተመልሳ ሄዳ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠየቀች። ቀሪው ወለድ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈል ጽፈው ሰጧት። በማግስቱ የባንኩን ውል ፈረመች።