ጋላክሲ ኤስ23 አልትራና 45 ዋቱ፦ ከሁለት ዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራን የገዛሁት ለገበያ በቀረበበት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ዋና የሥራ ስልኬ ነው። ስለ ካሜራውና ስለ ብዕሩ ብዙ ስለተጻፈ እነሱን ትቼ፣ ገዢዎች አብዝተው የሚጠይቁኝን የቻርጅ ጉዳይ ብቻ እጽፋለሁ። ስልኩ በካርቶኑ ውስጥ ገመድ እንጂ ቻርጀር ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ገዢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የትኛውን ቻርጀር እንደሚገዛ መወሰን አለበት። ውሳኔው በሚያየው የዋት ቁጥር ላይ ብቻ ከተመሠረተ ደግሞ ያላግባብ ገንዘብ ያወጣል፤ ወይም የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ይቀራል።

አምራቹ ስልኩ እስከ 45 ዋት ድረስ እንደሚሞላ ይናገራል። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ሆኖም የሚያመለክተው ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለውን ጣሪያ እንጂ ባትሪው የሚቀበለውን መጠን አይደለም። ዋት የቮልትና የአምፒር ብዜት ነው። በአምራቹ 45 ዋት ቻርጀር ላይ በደቃቃ ጽሑፍ ከታተሙት መስመሮች አንዱ `3.3-11V 4.05A` የሚል ሲሆን፣ 11ን በ4.05 ስናባዛ 44.55 ዋት እናገኛለን። ስልኩ ግን 11 ቮልት አይጠይቅም። የሊቲየም ባትሪው ቮልቴጅ ባዶ ሲሆን ከ4 በታች፣ ሲሞላ ደግሞ 4.4 አካባቢ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ ሰርኪዩት ከገመዱ የሚገባውን ቮልቴጅ ለሁለት ከፍሎ አምፒሩን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በዚህም ምክንያት ከቻርጀሩ የሚፈልገው ከባትሪው ቮልቴጅ እጥፍ በጥቂቱ የሚበልጠውን፣ ማለትም ከ8 እስከ 9 ቮልት አካባቢ ነው። 9ን በ4.05 ብናባዛ ውጤቱ 36 ዋት ተኩል ያህል ነው። በሶኬቱና በስልኩ መካከል የምሰካው የዩኤስቢ መለኪያም በጣም ከፍ ብሎ የሚያሳየኝ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ቁጥር ነው።

ይህም ቢሆን የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ባትሪው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ስሰካው ኃይሉ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይጀምራል፤ ከ80 በመቶ በኋላ ደግሞ የትኛውንም ቻርጀር ብጠቀም ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በ45 ዋቱ ቻርጀር 60 በመቶ አካባቢ፣ በ25 ዋቱ ደግሞ 50 በመቶ አካባቢ አገኛለሁ። እስኪሞላ ድረስ ያለው ጠቅላላ ልዩነት ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዋት ቁጥሩ ብንሄድ ፍጥነቱ በእጥፍ ሊጠጋ ይገባው ነበር፤ በሰዓቱ ስንለካው ግን ለውጡ ትንሽ ነው። ስክሪኑ በርቶ እየተጠቀምንበት ከሆነ ደግሞ ስልኩ ራሱ የሚቀበለውን ኃይል በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ይህችም ልዩነት ትጠፋለች።

ከዋቱ ይልቅ ፍጥነቱን የሚወስነው ፒፒኤስ የተባለው የአሠራር ደንብ ነው። ይህ ደንብ ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ የተባለው የጋራ መስፈርት አካል ሲሆን፣ ስልኩ ባትሪው በሞላ ቁጥር ከቻርጀሩ ጋር እየተነጋገረ ቮልቴጁን በ20 ሚሊቮልት እርከን ከፍ ወይም ዝቅ እንዲያደርግለት ያስችለዋል። ቻርጀሩ የሚፈለገውን ቮልቴጅ በትክክል ከሰጠ፣ በስልኩ ውስጥ የሚቀረው ሥራ ለሁለት መክፈል ብቻ ነው፤ በዚያ ሂደት የሚባክነው ኃይል በጣም ትንሽ በመሆኑ የሚፈጠረው ሙቀትም ጥቂት ነው። ቻርጀሩ ፒፒኤስ ከሌለው ግን የሚያቀርበው የተወሰኑ ቋሚ ቮልቴጆችን፣ ለምሳሌ 5፣ 9፣ 15 እና 20ን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ 9 ቮልቱን ይመርጥና ወደ ባትሪው ልክ የማውረዱን ሥራ ራሱ ይሠራል፤ በውስጡ የሚፈጠረውን ሙቀት ለመገደብም ከቻርጀሩ የሚወስደውን ኃይል ወደ 15 ዋት አካባቢ ያወርደዋል።

የላፕቶፔ ቻርጀር ይህን በግልጽ ያሳያል። 65 ዋት የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ቋሚ ቮልቴጆች ብቻ ስላሉት፣ ስልኬ በእሱ የሚሞላው ከ25 ዋቱ ትንሽ ቻርጀር በዝግታ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ስልኩ እንደተሰካ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ በቂ ነው። `Super fast charging 2.0` ካለ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። `Super fast charging` ብቻ ካለ የ25 ዋቱ ደረጃ ላይ ነን። `Fast charging` ካለ ደግሞ ፒፒኤስ የለም፣ ወይም ስልኩ ሊጠቀምበት አልቻለም ማለት ነው።

ገመዱም እንደ ቻርጀሩ ሁሉ ይቆጠራል። ተራ ሲ ለሲ ገመድ 3 አምፒር ለማሳለፍ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያሳልፍ ገመድ አቅሙን የሚያሳውቅ ትንሽ ቺፕ በጫፉ ውስጥ ሊኖረው ይገባል። ቻርጀሩ ይህን ቺፕ ካላገኘ ከ3 አምፒር በላይ አይሰጥም፤ 9 ቮልት በ3 አምፒር ደግሞ 27 ዋት ነው። ስለዚህ ውድ ቻርጀር ገዝቶ ከአሮጌ ገመድ ጋር የሚሰካ ሰው `2.0` የሚለውን ሳያይ ይቀራል። ቻርጀር ስገዛ ሻጩን የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ካርቶኑን ከፍቼ በቻርጀሩ ገላ ላይ ያለውን የቮልትና የአምፒር ዝርዝር እንዳነብ እንዲፈቅድልኝ። ትልቅ የዋት ቁጥር ተጽፎበት ይህ ዝርዝር የሌለው ቻርጀር ከሆነ አልገዛም። ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ያለው ከሆነም የተጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ የቀዳዳዎቹ ድምር ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ የተመደበውን ለይቼ አያለሁ።

አሁን ወደ እርጅናው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነውና። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ በመሆኑ በ5 አምፒር ቢሞላ በንድፈ ሐሳብ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። 36 ዋት ሲገባ ወደ ባትሪው የሚፈሰው 9 አምፒር ይጠጋል፤ በ25 ዋቱ ቻርጀር ደግሞ 6 አምፒር ቢሆን ነው። የባትሪው የውስጥ መቋቋም የሚፈጥረው ሙቀት በአምፒሩ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ከ6 ወደ 9 መውጣት ሙቀቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ፈጣን ቻርጅ ባትሪን የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይህ ሙቀት ነው። ሌላው፣ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ሲያጣ በላዩ ላይ ብረት ሆኖ መለጠፉ ነው፤ ይህም በተለይ ባትሪው ቀዝቃዛ ሲሆን ወይም ሊሞላ ሲቃረብ ያሰጋል። ስልኩ ከግማሽ በኋላ ኃይሉን የሚቀንሰው ለዚህ ስለሆነ፣ ያን ዝግታ ጉድለት አድርጌ አላየውም።

ባትሪ ግን ሳይሞላም ያረጃል። በግራፋይቱ ላይ ያለ ስስ ሽፋን ከጊዜ ጋር እየወፈረ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ሊቲየም ይበላል፤ ሽፋኑን የሚያፋጥኑት ደግሞ ሙቀትና ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ማለትም ባትሪው ሞልቶ ረጅም ሰዓት መቆየቱ ናቸው። በእኔ ግምት በተራ ተጠቃሚ እጅ ባለ ስልክ ላይ ከዋቱ ይልቅ የሚከፋው ይህ ነው።

የስልኩን መዝገብ ለማየት ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የሚከተለውን ትእዛዝ እጠቀማለሁ።

```
adb shell dumpsys battery
```

በብዙ ጋላክሲ ስልኮች ላይ `mSavedBatteryAsoc` የሚለው መስመር የቀረውን አቅም በመቶኛ ያሳያል፤ `mSavedBatteryUsage` የሚለውን ቁጥር ደግሞ ለ100 ስናካፍል ባትሪው ያለፈባቸውን ሙሉ ዑደቶች እናገኛለን። የእኔ ከ600 ዑደት በላይ አልፎ ከ90 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገበያው ላይ ለሚቀርቡ ስማርት ስልኮች ያወጣው ደንብ ከ800 ዑደት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅም እንዲቀር ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ አንጻር ሳየው በውጤቱ ረክቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሞላሁት ደግሞ በፈጣኖቹ ቻርጀሮች ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላል በሚል ስጋት ቀን ላይ ባገኘሁት አጋጣሚ ለአጭር ጊዜ እሰካዋለሁ፤ ይህ ልማድ ባትሪውን አይጎዳም፤ ከ40 ወደ 70 በመቶ የተሞላ ባትሪ የሚቆጠርለት የዑደት ክፋይ እንጂ ሙሉ ዑደት አይደለምና።

ወንድሜ ዱባይ ውስጥ በሹፌርነት የሚሠራ ሲሆን፣ ያለው ስልክ ከእኔ ጋር በአንድ ሰሞን የተገዛ ተመሳሳይ ሞዴል ነው። ፈጣን ቻርጀር ባትሪ ይጨርሳል ብሎ ስለሚያምን የሚሞላው በመኪናው ደካማ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። ስልኩ ካርታ ለማሳየት ቀኑን ሙሉ በፊት መስታወቱ ላይ፣ በፀሐይ ውስጥ፣ እንደተሰካ 100 በመቶ ላይ ይውላል። ለእረፍት ሲመጣ በዚያው ትእዛዝ ብናየው የቀረው አቅም 82 በመቶ ሲሆን፣ ያለፈባቸው ዑደቶች ከእኔ ያነሱ ናቸው። ሁለት ስልኮችን አነጻጽሮ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ነገር ግን የታየው ልዩነት ከባትሪው ኬሚስትሪ ጋር ይገጥማል። አምራቹ ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የአካባቢ ሙቀት እንድንጠቀምበት የሚመክር ሲሆን፣ በበጋ ዱባይ ላይ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚህ በብዙ ያልፋል።

ስለዚህ በስልኩ ላይ የለወጥኩት የቻርጅ ፍጥነቱን አይደለም። በ2024 በመጣው ዋን ዩአይ 6.1 የባትሪ ጥበቃ ቅንብሩ ሲሻሻል `Maximum` የሚለውን መርጫለሁ፤ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል። ረጅም መንገድ በምሄድበት ቀን ብቻ አጠፋዋለሁ። ስሞላውም ወፍራም ሽፋኑን አወልቄ ከአልጋ ልብስና ከትራስ አርቄ አስቀምጠዋለሁ። በግዢ ረገድ ለአዲስ ገዢ የምመክረው ፒፒኤስ ያለውን 25 ዋት ቻርጀር ነው፤ የ45 ዋቱን ተጨማሪ ዋጋና ልዩ ገመድ የሚያካክስ ጥቅም የሚያገኘው፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ነው።

ወንድሜም ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ያንኑ የ80 በመቶ ገደብ አበራንለት፤ የስልኩን መያዣም ከመስታወቱ አንሥቶ የመኪናው ቀዝቃዛ አየር በሚወጣበት ቦታ ላይ እንዲያደርገው ተስማማን። ያጣው 18 በመቶ አይመለስም፤ ቀጣዩን ንባብ በሚቀጥለው እረፍቱ እናያለን።