ቀዩን ቦርሳ ሰማያዊ ለማድረግ ጂምፕ፣ ፎቶሾፕ ወይስ ለኤዲተር መክፈል?

ቦርሳው በስድስት ቀለም ይሸጣል፤ ፎቶ የተነሳው ግን ቀዩ ብቻ ነው። የቀሩትን አምስት ቀለሞች በኤዲቲንግ ለማውጣት የቱ መንገድ ያዋጣል? ኦንላይን የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ በነጻው ጂምፕ ራስ መሥራት፣ ለፎቶሾፕ በየወሩ መክፈል፣ ወይም በፎቶ ሒሳብ ለሚያስከፍል ኤዲተር መላክ። መልሱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለአብዛኛው ሻጭ የሚሻለው ማስኩን፣ ማለትም ቀለሙ የሚቀየርበትን ቦታ ከቀረው ፎቶ የሚለየውን ሽፋን፣ አንዴ በደንብ አሠርቶ ቀለሙን በጂምፕ ራሱ መቀየር ነው። ፎቶሾፕ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ በየወሩ መክፈል ግን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አምስት ዓይነት ቦርሳ በስድስት ስድስት ቀለም ካለ 30 ፎቶ ያስፈልጋል። ከየዓይነቱ አንድ ስለተነሳ የሚሠራው 25 ነው። በፎቶ የሚያስከፍል ኤዲተር 25 ጊዜ ያስከፍላል፤ እጅ የሚያደክመው ሥራ ግን 25 ጊዜ አይሠራም። የሚያደክመው የቦርሳውን ዳር ተከትሎ መቁረጥ፣ ዘለበቱን፣ ዚፑንና ስፌቱን መለየት ነው። ይህ ለአንድ ቦርሳ አንዴ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀለም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ ድርድሩ «ለአምስት ማስክ ስንት?» ተብሎ ይጀመር፤ «ለ25 ፎቶ ስንት?» ካላችሁ ለአንድ ድካም አምስት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ፎቶሾፕ አዲስ ዕቃ ባልገባበት ወርም ይከፈልበታል። በዓመት ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈለው ዕቅድ ደግሞ ከጊዜው በፊት ሲቋረጥ የማቋረጫ ክፍያ አለው፤ «አንድ ወር ሠርቼበት እተወዋለሁ» ያለ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የካርድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት የዕቅዱን ዓይነት አንብቡ። በክራክ የሚታደለውን እንደ አራተኛ ምርጫ የሚቆጥርም አለ። በብሮውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ከሚሰራጩባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ያለ ክራክ ነው፤ የሱቁ አካውንት ካለበት ኮምፒውተር ላይ መጫን ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ጥራቱ። ሰማያዊ የተደረገው ቦርሳ እውነተኛ ወይም የተቀባ የሚመስለው በፕሮግራሙ ምክንያት አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቀለሙ የተጨመረበት መንገድ ነው። ቆዳ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕቃ ላይ የሚያብለጨልጨው ቦታ የመብራቱን ቀለም ነው የሚያሳየው። በቀይ ቦርሳ ላይ ነጭ የሆነው ብልጭታ በሰማያዊውም ላይ ነጭ መሆን አለበት። ብልጭታቸው ራሱ በቀለማቸው የሚነከረው እንደ ወርቅና መዳብ ያሉ ባለቀለም ብረቶች ናቸው። ብልጭታው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ የወጣ የቆዳ ቦርሳ ጠመኔ የተለቀለቀ ይመስላል። በርካሽ ከሚሠሩ ፎቶዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው።

በጂምፕ ውስጥ አንድ ሌየር ከሥሩ ካለው ፎቶ ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል የሚወስኑ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ የሌየር ሞዶች አሉ። `LCh Color` በሁሉም ቦታ እኩል መጠን ያለው ቀለም ይጭናል፤ ብልጭታውንም ይነክራል፣ የእጥፋቱን ጥልቅ ጥላም ከሚገባው በላይ ያደምቃል። `LCh Hue` ግን የቀለሙን ዓይነት ብቻ ይቀይራል፤ ድምቀቱን፣ ማለትም የቀለሙን ጥንካሬ፣ እንዲሁም ብርሃኑን ከፎቶው ይወስዳል። በቀዩ ፎቶ ላይ ብልጭታው ቀለም የለውምና ከተለወጠ በኋላም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለባለቀለም ዕቃ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ተከፍቶ ከ`Image > Precision` ውስጥ `16 bit integer` ይመረጣል፤ ይህ ካልተደረገ ኋላ ላይ ብርሃኑ ሲስተካከል ለስላሳው ጥላ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሰነጣጠቃል። በ`Paths` የቦርሳው ዳር ይከበባል፤ ዘለበቱና ዚፑ ውጭ ይቀራሉ። ፓዙ ወደ ሰሌክሽን ከተቀየረ በኋላ በ`Select > Feather` አንድ ፒክስል ያህል ይለሰልሳል። አዲስ የሌየር ግሩፕ ይሠራና ሰሌክሽኑ የግሩፑ ማስክ ይሆናል። ግሩፑ ውስጥ ከታች የፎቶው ኮፒ፣ ከላይ በሰማያዊ የተሞላ ሌየር በ`LCh Hue` ይቀመጣል። የግሩፑ ሞድ `Normal` መሆኑን አረጋግጡ።

በዚህ ብቻ ቀዩ ቦርሳ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን የሚጮኽ ሰማያዊ ነው። ቁጥሮቹ ምክንያቱን ያሳያሉ። የቀዩ ቆዳ መካከለኛ ቦታ `#B22222` ነው እንበል፤ ቀለምን በብርሃን፣ በድምቀትና በቀለም ዓይነት በሚለካው በኤልሲኤች አቆጣጠር ብርሃኑ 39፣ ድምቀቱ 67 ገደማ ነው። የሚፈለገው ጥቁር ሰማያዊ `#1F3A5F` ደግሞ ብርሃኑ 24፣ ድምቀቱ 25 ነው። ስለዚህ በታችኛው ኮፒ ላይ `Colors > Saturation` ተከፍቶ `Scale` ወደ 0.4 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ በ`Curves` የመስመሩ መሃል ብቻ ዝቅ ይደረጋል። የላይኛው ቀኝ ጫፍ አይነካም፤ እሱ ከወረደ ብልጭታው ግራጫ ይሆናል። ከለር ፒከሩ ከጥላም ከብልጭታም የራቀ ቦታ ላይ የኤልሲኤቹን ብርሃን 24 አካባቢ ሲያነብ ይቆማል።

በዚያው ፎቶ ወደ ሰናፍጭ ቢጫ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። `#DAA520` ድምቀቱ 69 ስለሆነ ከቀዩ ብዙም አይርቅም፤ ብርሃኑ ግን 71 ነው። ቀለሙ ብቻ ከተቀየረ የሚወጣው ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነው። ብርሃኑን ከ39 ወደ 71 መጎተት ደግሞ በጥላው ውስጥ የተደበቀውን የካሜራ ነጠብጣብ ያወጣዋል፤ ቆዳውና ብልጭታው ስለሚቀራረቡም ቦርሳው ጠፍጣፋ ይሆናል። ማውረድ ቀላል ነው፣ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ፎቶ ይነሳ ከተባለ ቀዩን ሳይሆን ቢጫውን አንሱ። ይህ ከማንኛውም ፕሮግራም ግዢ የበለጠ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ወጪም የለውም።

«እንግዲያውስ ነጩ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነጭ ላይ የቀለም ድምቀት ስለሌለ `LCh Hue` የሚሠራበት ነገር አያገኝም። `Multiply` መጠቀም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ነጩ ብልጭታ ራሱ ሰማያዊ ይሆናል። ለማስመለስ የመጀመሪያው ፎቶ ኮፒ ከላይ በ`Screen` ይጨመርና ማስኩ በጣም ብሩህ የሆነውን ቦታ ብቻ እንዲያሳይ ይደረጋል። ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ግን ተጨማሪ ድካም ነው። ጥቁር ቦርሳ ወደ ነጭ መቀየር ግን አይሞከር። በጥቁሩ ላይ የእጥፋቱ ጥላ ከቆዳው ጋር ተዋህዷል፤ የሌለን ጥላ የሚያመጣ ከርቭ የለም። ነጩ ቦርሳ ለብቻው ፎቶ ይነሳ።

ሰው የሚረሳው ወለሉን ነው። ቀይ ቦርሳ በነጭ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ጥላ ቀላ ይላል፤ ከቦርሳው የነጠረ ብርሃን ነው። ቦርሳው ሰማያዊ ሆኖ ጥላው ቀይ ከቀረ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ፎቶው እንደተነካ ይሰማዋል። ከግሩፑ በታች ሌላ የፎቶው ኮፒ አድርጉና `Saturation` ዜሮ አድርጉት፤ ማስኩ ጥላውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ያሳይ። ጥላው ራሱ አይደምሰስ፣ አይታደስም። ዘለበቱም ላይ እንዲሁ ቀይ ነጸብራቅ ይኖራል፤ በዚያው መንገድ ይጠፋል።

ፎቶሾፕ በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ አለ። `Blend If` የሚባለው ማንሸራተቻ ብልጭታውን ያለ ማስክ ከቀለሙ ነጻ ያወጣል፤ `Alt` ተጭኖ ሲጎተት ለሁለት ይከፈልና ሽግግሩ ይለሰልሳል። ነጭ ዕቃ ላይ ጂምፕ የሚጠይቀውን ድካም ይቀንሳል። በየሳምንቱ ብዙ አዲስ ዕቃ የሚያስገባ፣ ወይም ለኅትመት ሲኤምዋይኬ የሚያስረክብ ሰው ክፍያው ይመለስለታል። በወር ጥቂት ዕቃ ለሚያወጣ ግን አይመለስም። ጂምፕም ከ2025ቱ 3.0 ጀምሮ `Curves`ን የመሰሉ ማስተካከያዎችን ሌየሩ ላይ አስቀምጦ በኋላ ማረም ይፈቅዳል፤ ቀድሞ ለፎቶሾፕ ከሚያስከፍሉት ምክንያቶች አንዱ በዚሁ ቀርቷል።

ለኤዲተር የሚላክ ከሆነ ጥራቱን የሚወስነው የምትጽፉት መመሪያ ነው። «ሰማያዊ አድርግልኝ» ካላችሁ በአንድ ማንሸራተቻ የተገፋ ፎቶ ይመጣላችኋል። እንዲህ ተጽፎ ይላክ፦

> የቦርሳው ቆዳ ብቻ ይቀየር። መካከለኛው የቆዳ ቀለም `#1F3A5F` ይሁን። ብልጭታዎች ነጭ ሆነው ይቆዩ። ዘለበት፣ ዚፕና ስፌት ቀለማቸው አይለወጥ፣ የነጠረባቸው ቀይ ብቻ ይውጣ። የወለሉ ጥላ ቅርጹና ጥቁረቱ እንዳለ ሆኖ ቅላቱ ይጥፋ። የቦርሳው ቅርጽና የቆዳው መስመሮች አይነኩ፣ አይለስልሱ። ርክክቡ ባለሌየር ፋይል፣ ማስኩ ለብቻው በግራጫ ፒኤንጂ፣ የመጨረሻው ፎቶ በኤስአርጂቢ።

ማስኩ ለብቻው ይምጣ የሚለው ሐረግ ትርፍ አይደለም። የፎቶሾፕ ፋይል ጂምፕ ውስጥ ይከፈታል፤ የማስተካከያ ሌየሮቹ ግን እንዳሉ አይመጡም። ማስኩ በፒኤንጂ ካለ በማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል፤ ቀጣዩን ቀለም ለማውጣትም ሌላ ክፍያ አያስፈልግም። ማስኩን ለመስጠት የማይፈልግ ኤዲተር በየቀለሙ ሊያስከፍል ያሰበ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ቢልም ሌላ ፈልጉ። እናንተም የምትልኩት ከካሜራው የወጣውን ፋይል ይሁን። በሜሴጅ አፕ የተላከ ጄፔግ የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ አሳንሶ ስለሚያስቀምጥ በዳሩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይተርፋል፤ ለእሱ ማጽጃ ደግሞ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ፎቶው ሲመጣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። ፎቶውን 200 በመቶ አጉልታችሁ ዳሩን፣ የእጀታውን ውስጠኛ ክፍልና ስፌቱን ተከተሉ፤ ቀይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ የቀድሞውንና አዲሱን ሁለቱንም ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እያፈራረቃችሁ እዩ። አጠቃላይ ብርሃኑ ሊለያይ ይችላል፤ የእጥፋቶቹ ቦታና የብልጭታዎቹ ቅርጽ ግን አንድ መሆን አለበት። አንድ እጥፋት ከጠፋ ወይም ብልጭታው ከደበዘዘ ሥራው ይመለስ።